የተቀረቀሩ የሻይ ብርጭቆዎችን ሳይሰብሩ ስለማላቀቅ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ለገጣፎ ነው። ለልጄ ክርስትና ከጎረቤት ከተዋስኳቸው የሻይ ብርጭቆዎች ሁለቱ አንዱ ባንዱ ውስጥ ገብተው ተቀርቅረው ቀሩ። ጎተትኩ፣ አዞርኩ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍኩ፤ ወይ ፍንክች! የሰው ዕቃ ስለሆነ ጨንቆኛል። አንዱንም ሳልሰብር እንዴት ላላቅቃቸው?»

መልስ፦

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምንዎት። ብርጭቆዎቹ አሁንም ሙቅ ውሃ ውስጥ ካሉ፣ ወይም ከወጡ ብዙም ካልቆዩ፣ እባክዎ ቀዝቃዛ ውሃም ሆነ በረዶ አይጨምሩባቸው። ደረቅ ፎጣ ላይ በጎናቸው አስተኝተው ቢያንስ ለሁለት ሰዓት ይተዉአቸው። ምክንያቱን ወረድ ብዬ አስረዳለሁ፤ ነገር ግን እስከዚያ ድረስ አንብበው ሳይጨርሱ እጅዎ ወደ ውሃው እንዳይሄድ ብዬ ነው ያስቀደምኩት።

እኔ በአንድ የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ውስጥ የመስታወት ዕቃዎችን በኃላፊነት ይዤ ለረጅም ዓመታት ሠርቻለሁ። አፋቸው በተሞረደ ጠርሙሶች ላይ የሚገጠሙ የመስታወት ውታፎች እንደተጣበቁ ሲቀሩ ማላቀቅ የዘወትር ሥራዬ ነበር፤ የእርስዎ የሻይ ብርጭቆዎችም የያዛቸው ያው ነው። ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ ዕቃ በአምሳያው ውስጥ ሲገባ እንደ ሽብልቅ ይሆናል፤ በትንሽ ክብደት ተገፍቶ የገባው በብዙ ጉልበት እንኳ አይወጣም።

ሙቅ ውሃው ያልረዳዎት ስላልሞቀ አይደለም፤ ሁለቱንም እኩል ስላሞቃቸው ነው። መስታወት ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይጠባል፤ ሲሰፋም ግድግዳው ብቻ ሳይሆን የአፉ ክበብም አብሮ ይሰፋል። ሁለቱ ብርጭቆዎች ከአንድ ዓይነት መስታወት የተሠሩ ናቸውና አብረው ሲሞቁ አብረው ይሰፋሉ፤ በመካከላቸው ያለው ጥብቀት እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ የሚፈልጉት ሙቀት ሳይሆን የሙቀት ልዩነት ነው፤ የውጪው ሞቅ ብሎ ሲሰፋ የውስጡ በዚያው ቅጽበት ቀዝቅዞ መጥበብ አለበት።

ልዩነቱ የሚያመጣው ክፍተት ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ማወቅ ጉልበት ከመጠቀም ያድናል። ተራ የመጠጥ ብርጭቆ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚሰፋው የርዝመቱን አንድ መቶ ሺህኛ በማይሞላ መጠን ነው። ስድስት ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ብርጭቆ ላይ ሁለቱ ግድግዳዎች በ20 ዲግሪ ቢለያዩ የሚገኘው ክፍተት አንድ መቶኛ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ይህም ከአንድ ፀጉር ውፍረት እጅግ ያነሰ ነው። ሆኖም ሽብልቅ የሚይዘው በመነካካት ነውና ያቺ መቶኛ ሚሊ ሜትር መነካካቱን ካላላችው ይበቃል። ጭንቁ ክፍተቱ የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ ብቻ መሆኑ ነው፤ ሙቀቱ በመስታወቱ ውስጥ አልፎ ወደ ውስጠኛው ሲደርስ ሁለቱ እንደገና ይተካከላሉ። ብዙ ሰው ውሃውን በትክክል አዘጋጅቶ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጥሩው ደቂቃ ካለፈ በኋላ ይጎትታል።

ብርጭቆዎቹ የተቀረቀሩትም በተመሳሳይ መንገድ፣ ግን በተገላቢጦሹ ሳይሆን አይቀርም። የድግስ ዕቃ በጥድፊያ ሲታጠብ ከሙቁ ሳፋ የወጣው ብርጭቆ ከታች ይቀመጥና በቀዝቃዛ ውሃ የተለቀለቀው ከላይ ይገባበታል። የታችኛው ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ ጠብቦ የላይኛውን ያንቀዋል። ሁለቱም እርጥብ ከሆኑ ደግሞ በመካከላቸው የቀረው ስስ ውሃ አየር እንዳይገባ ይዘጋል፤ በላዩ ላይ የሻይ ስኳር ተርፎ ከደረቀ እንደ ሙጫ ይሆናል።

አሁን ብርጭቆዎቹ የክፍሉን ሙቀት ከያዙ በኋላ ምን እንደያዛቸው ይለዩ። የውጪውን በአንድ እጅ፣ የውስጡን አፍ በሌላው ይዘው በጣም በቀስታ፣ ያለ ምንም ጉልበት ለማዞር ይሞክሩ። የውስጡ የሚዞር ሆኖ ወደ ላይ ግን የማይወጣ ከሆነ የያዘው ውሃውና የተዘጋው አየር ነው። በዚህ ጊዜ ሙቅና ቀዝቃዛ አያስፈልግም፤ ቀጭን የስፌት ክር በሁለቱ መካከል በአፉ በኩል አስገብተው ብርጭቆውን እያዞሩ ወደ ታች ቢገፉት ክሩ ለአየር መግቢያ ይከፍታል፣ ከዚያም ቀስ ብሎ ይወጣል። ጨርሶ የማይዞር ከሆነ ግን ሽብልቅ ሆኗል ማለት ነው። አዙረው እንዳልሆነልዎት ስለጻፉ፣ የእርስዎ ይኸኛው እንደሆነ ወስጄ እቀጥላለሁ።

ወደ ሥራው ከመግባትዎ በፊት መስታወት ምን እንደሚሰብረው ይወቁ፤ ቅድም ያስቸኮልኩዎት በዚህ ነው። መስታወት ሲጨመቅ ብዙ ይችላል፣ ሲወጠር ግን ደካማ ነው። አሁን ባሉበት ሁኔታ የውስጠኛው ብርጭቆ ዙሪያውን ተጨምቋል፣ የውጪው ደግሞ ዙሪያውን ተወጥሯል፤ ስለዚህ አስቀድሞ የሚሰነጠቀው አብዛኛውን ጊዜ የውጪው ነው። አንድ የመስታወት ገጽ በድንገት ሲሞቅ ያ ገጽ ሊሰፋ ፈልጎ ይጨመቃል፤ በድንገት ሲቀዘቅዝ ግን ሊጠብ ፈልጎ ይወጠራል። ከዚህ የተነሣ ትኩስ መስታወት ላይ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ቀዝቃዛ መስታወት ላይ ከሚፈስ ሙቅ ውሃ የበለጠ አደገኛ ነው። እኔ ራሴ ሥራ በጀመርኩበት ዘመን ከምድጃ ያወረድኩትን የመስታወት ዕቃ ቶሎ እንዲበርድልኝ ቧንቧ ሥር አድርጌ፣ መቀመጫው እንደ ቀለበት ተቆርጦ እጄ ላይ ቀርቷል። የሻይ ብርጭቆም መቀመጫው ከግድግዳው ወፍራም ስለሆነ እኩል ሊሞቅም ሊቀዘቅዝም አይችልም፤ በሙቀት ሲሰበር የሚጀምረው ከዚያው ነው።

ስለዚህ በሙቁና በቀዝቃዛው ውሃ መካከል ያለው ልዩነት ከ40 ዲግሪ አይለፍ። ጭረት የበዛበት አሮጌ ብርጭቆ ከሆነ ከ30 አይለፍ። ወደ ብርሃን አንሥተው እያዞሩ ይመልከቱ፤ የተሰነጠቀ ቦታ በአንድ ማዕዘን ሲታይ እንደ ብር ክር ብልጭ ይላል። እንዲህ ያለ መስመር ካገኙ ይህን ዘዴ አይሞክሩት፤ የተሰነጠቀው ስለማይተርፍ ሁለተኛውን ለማዳን ብቻ በሳሙና ውሃ እየዘፈዘፉ ቀናት መጠበቅ ይሻላል።

ቴርሞሜትር ባይኖርዎትም የውሃውን ሙቀት በቂ በሆነ ትክክለኛነት ማዘጋጀት ይቻላል። በእኛ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም፤ አዲስ አበባና ዙሪያዋ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የበርሜል ውሃ ደግሞ በአብዛኛው ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ነው። አንድ ጆግ የፈላ ውሃ ከአንድ ጆግ የበርሜል ውሃ ጋር በሳፋ ውስጥ ሲቀላቀል፣ ሳፋው ጥቂት ሙቀት ወስዶበት 50 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። እጅዎን ሲነክሩበት ለጥቂት ሰከንድ ችለው ቶሎ ማውጣት የሚያስፈልግዎ ውሃ ነው። ጨርሶ ሊነክሩት የማይቻል ከሆነ በዝቷል፤ እጅዎን ደስ ብሎት የሚቀመጥበት ከሆነ ደግሞ ገና ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። በሁለቱ ብርጭቆዎች መገናኛ ዙሪያውን ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጠብ ጠብ አድርገው፣ ብርጭቆዎቹን በየጥቂት ደቂቃው እያዞሩ ለአንድ ሰዓት ያህል ያስተኟቸው። ብዙዎች ዘይት ይመርጣሉ፤ ዘይት ጥሩ የሚሆነው ግን መካከሉ ሙሉ በሙሉ ደርቆ ከሆነ ነው። የእርስዎ ውሃ ውስጥ ስለቆዩ መካከላቸው እርጥብ ነውና ዘይቱ ከውሃው አልፎ አይገባም፤ ሳሙና ግን ከውሃው ጋር ተዋህዶ ወደ ታች ይዘልቃል። ስኳር ደርቆበት ነው ብለው ከጠረጠሩ ከዚህ በፊት ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አንድ ሌሊት ያሳድሯቸው፤ ስኳር በውሃ እንጂ በዘይት አይሟሟም።

ከዚያ የውጪውን ብርጭቆና የውስጡን አፍ በፎጣ አድርቀው የጎማ ጓንት ያድርጉ። የጎማ ጓንት ሙቁንም ይከላከላል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሳሙና በነካው መስታወት ላይ አያንሸራትትም። ሳፋው ታች ላይ የታጠፈ ጨርቅ ያንጥፉ፤ ብርጭቆው ቢያመልጥዎ የሚያርፍበት ይሁን። የውስጡን ብርጭቆ መጀመሪያ በበርሜል ውሃ ይሙሉትና ሁለት ደቂቃ ይጠብቁ፤ ቀጥሎ ፍሪጅዎ ውስጥ በረዶ ካለ አንድ ሁለት ፍሬ ጨምረው ሌላ ሦስት ደቂቃ ይተዉት። በረዶ የጨመረ ሰው ውጪውን ወደ 50 ሳይሆን ወደ 45 ዲግሪ ዝቅ ማድረግ እንዳለበት ያስታውሱ፤ ይኸውም ከፈላው ውሃ ትንሽ መቀነስ ነው። መብራት ጠፍቶ በረዶ ከሌለ የበርሜሉ ውሃ ብቻውን ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ብርጭቆዎቹን በአንድ ጊዜ ሙቁ ውስጥ አይዝፈቋቸው። ሳፋው ውስጥ መጀመሪያ ለብ ያለ ውሃ ይሁን፤ ብርጭቆዎቹን ቀጥ አድርገው ያቁሙበትና ሙቁን ውሃ በሳፋው ጠርዝ በኩል፣ መስታወቱን ሳይነካ፣ ግማሽ ደቂቃ በሚያህል ጊዜ እየጨመሩ የመጨረሻውን ሙቀት ያድርሱት። ውሃው ከውጪው ብርጭቆ አፍ አንድ ጣት ዝቅ ብሎ ይቁም፤ ወደ ውስጠኛው ከገባ ልዩነቱን ያጠፋብዎታል። አሁን በልብዎ ይቁጠሩ። የግድግዳው ውፍረት ሁለትና ሦስት ሚሊ ሜትር ስለሆነ የውጪው ብርጭቆ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ውስጥ ይሞቃል። ከሃያ በኋላ የውጪውን በአንድ እጅ ከታች ይዘው፣ የውስጡን በሌላው እጅ አፉ ላይ ይዘው፣ በጣም ትንሽ እያዞሩ ቀጥ ብለው ወደ ላይ ይሳቡ። ወደ ጎን አያዘንብሉ፤ አዘንብሎ መሳብ የውጪውን አፍ በአንድ ነጥብ ላይ ይወጥረዋል። ጉልበቱ የአዲስ ውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳን ከሚከፍቱበት አይብለጥ። እስከ ስልሳ ድረስ ካልተንቀሳቀሰ ያቁሙ። ከዚያ በኋላ የሚጎትቱት እኩል የሞቁ ሁለት ብርጭቆዎችን ነው፤ መነሻዎ ላይ ተመልሰዋል።

ካልሆነ ሁሉንም አውጥተው የውስጡን ውሃ ደፍተው፣ ፎጣ ላይ ለአንድ ሰዓት አስተኝተው እንደገና ሳሙና ያጠጡት። በየሙከራው መካከሉ ለቅጽበት ሲከፈት ሳሙናው ጥቂት ይወርዳልና ሁለተኛው ሙከራ ከመጀመሪያው የተሻለ ዕድል አለው። በዚህ ምክንያት ያልተሳካውን ሙከራ በሙቀት ጭማሪ ለማካካስ አልቸኩልም።

አንድ ምሳሌ በዝርዝር ላቅርብ። ሱሉልታ የምትኖር አንዲት ዘመዴ ማኅበር አውጥታ ሲያበቃ ሁለት የሻይ ብርጭቆዎች ተቀርቅረውባት ቴርሞሜትሬን ይዤ ሄድኩ። ሱሉልታ ከአዲስ አበባ መሀል ከፍ ያለ ስለሆነ ውሃው 91 ላይ ፈላ፤ የበርሜሏ ውሃ በጠዋቱ ቅዝቃዜ 14 ዲግሪ ነበር። የመጀመሪያው ሙከራችን ያለ በረዶ ነበር፤ ውስጡ 14፣ ውጪው 45፣ ልዩነቱ 31። እስከ ስልሳ ቆጠርን፣ ምንም። ግን ወደ ብርሃን ሳነሣው በመካከሉ የነበረው የውሃ ጥላ ቅርፁን ቀይሮ፣ ከአፉ በኩል አንድ ቀጭን የሳሙና ጅራት ወደ ታች ወርዶ አየሁ። ይህ ምልክት ለእኔ ከመንቀሳቀስ አያንስም፤ መካከሉ ተከፍቶ ነበር ማለት ነው። አንድ ሰዓት አሳርፈን፣ ከጎረቤት ሦስት ፍሬ በረዶ አምጥተን ውስጡን ወደ 8 አወረድን፣ ውጪውን በ47 ላይ አቆምን፤ ልዩነቱ 39። ሠላሳን አልፌ ስቆጥር የውስጡ መጀመሪያ የፀጉር ያህል ዞረ፣ ቀጥሎ ውሃ ሲሰርግ የሚሰማ ቀጭን ድምፅ ሰጥቶ ወጣ። ዘመዴ ከመጀመሪያው ሙከራ በኋላ የፈላውን ውሃ በቀጥታ እናፍስበት ብላኝ ነበር፤ ልዩነቱ ከ70 በላይ ይሆን ነበርና ብርጭቆዎቹ አይተርፉም ነበር።

ሰዎች ሊመክሩዎት ከሚችሉት መካከል አንዱን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ እሱም የውስጡን ውሃ ሞልቶ የፍሪጁ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማሳደር ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን ዘጠኝ በመቶ ያህል ይሰፋል፤ የውስጡን ብርጭቆ ከውስጥ ወደ ውጪ ገፍቶ ሽብልቁን ያጠብቀዋል፣ ወይም ሁለቱንም ይሰነጥቃቸዋል። ቢላዋ ወይም የማንኪያ እጀታ በመካከል መስደድም እንዲሁ ነው፤ የአፉ ጠርዝ ላይ የምትቀር ትንሽ ቅራፊ በኋላ የስንጥቅ መነሻ ትሆናለች።

ጎድጓዳ ሳህኖች ለተቀረቀሩበት ሰው ጥቂት ልጨምር። ሳህን ከብርጭቆ ይልቅ አፉ ሰፋ ብሎ ስለሚከፈት ሽብልቅ የሚሆነው አልፎ አልፎ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ውሃ ነውና ክሩና ሳሙናው ይበቃሉ። የሸክላ ሳህን ወፍራም ስለሆነ ቀስ ብሎ ይሞቃል፤ እስከ ሁለት ደቂቃ ይጠብቁት። ምድጃ ውስጥ የሚገባ ሙቀት የሚችል የመስታወት ሳህን ግን የሚሰፋው የተራውን መስታወት ሲሶ ያህል ብቻ ነው፤ በዚህ ዘዴ የሚገኘው ክፍተት እጅግ ትንሽ ስለሚሆን በሳሙናና በትዕግሥት እንጂ በሙቀት ብዙ አይጠብቁ። የአሉሚኒየም ሳህን መስታወት ውስጥ ከተቀረቀረ ደግሞ ሥራው ቀላል ነው። አሉሚኒየም ከተራ መስታወት ሁለት ተኩል እጥፍ ገደማ ስለሚሰፋና ስለሚጠብ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ፍሪጅ ውስጥ፣ በማቀዝቀዣው ሳይሆን በታችኛው ክፍል፣ ማቆየት ብቻውን አሉሚኒየሙን ያላቅቀዋል። አሉሚኒየሙ ከውጪ፣ መስታወቱ ከውስጥ ከሆነ ግን ተቃራኒው ነው፤ እርስዎ ያደረጉት፣ ሁለቱን አንድ ላይ ለብ ባለ ውሃ መዘፍዘፍ፣ እዚያ ላይ ይሠራ ነበር።

ብርጭቆዎቹ ሲላቀቁልዎት ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አይንከሯቸው፤ ለየብቻ ፎጣ ላይ ቆመው የክፍሉን ሙቀት እስኪይዙ ይቆዩ። ከዚያ የውጪውን ብርጭቆ አፍ ዙሪያውን በደረቅ ጥጥ ይሂዱበት፤ ጥጡ የሚያዝበት ቦታ ካለ እዚያ ተቀርፏልና ለጎረቤትዎ ነግረው ይተኩላቸው እንጂ ከንፈር የሚነካው ዕቃ ስለሆነ ዝም ብለው አይመልሱት። ጥጡ ሳይያዝ ከዞረ ሳሙናውን አለቅልቀው፣ አድርቀው፣ በመካከላቸው የወረቀት ናፕኪን አስገብተው ይመልሱላቸው።